ጥናቱ የማያውቀው

ሪፖርቱ እጄ የገባ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር በአንድ እጄ አንስቼ ክብደቱን መገመት ነበር። ለአለቃዬም «ይኼ ሰው ላይ ቢወድቅ ያጠፋዋል» አልኩት፤ አልሳቀም። በአቦቦ ዙሪያ ያሉ የእጅ ፓምፖች ውኃ ተመርምሮ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እኔ ጋምቤላ ከተማ በሚገኘው የውኃ ቢሮ ከመንደር ሰዎች ጋር የምሠራ ባለሙያ ስለሆንኩ፣ ውኃውን የሚጠጡት ሰዎች ሊረዱት በሚችሉት አማርኛ፣ ከሁለት ገጽ ሳላስበልጥ እንዳወጣው ታዘዝኩ።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ትርጉም ይመስለዋል። ትርጉም ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ! ሪፖርት የሚጀምረው ከመግቢያ ነው፤ ከዚያ የአሠራር ዘዴ ይመጣል፣ ከዚያ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ። ሰው የሚፈልገው ነገር፣ «ይህን ውኃ ልጠጣው ወይስ አልጠጣው?» የሚለው፣ መጨረሻ አካባቢ ተሸጉጦ ይገኛል። እኔ የመጨረሻውን አንደኛ መስመር ላይ አመጣሁት። በመቶ ሚሊ ሊትር ውስጥ ተቆጥሮ የተገኘውን የባክቴሪያ መጠን «ውኃው ውስጥ ከሰገራ የሚመጣ ጀርም ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩት። አረፍተ ነገሮቹንም አሳጠርኳቸው። በእኛ አካባቢ አማርኛ ለብዙ ሰው የገበያና የቢሮ ቋንቋ እንጂ የእናት ቋንቋ አይደለም። ደግሞ እኔ አቦቦ የተወለድኩ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ረጅም ደብዳቤ ሳነብላት እናቴ ራሷ «ልጄ፣ እስቲ ትንፋሽ ስጪኝ» ትለኝ ነበር።

በሪፖርቱ ውስጥ ፓምፖቹ የሚጠሩት በፊደልና በቁጥር ነው። በመንደሩ ግን ፓምፕ የሚጠራው በተንከባካቢው ስም ነው፤ ጠዋት ዙሪያውን ጠርጋ በምትከፍተው፣ ማታ በምትቆልፈው ሴት ስም። ስለዚህ ቁጥሩን አውጥቼ ስሙን አስገባሁ፤ ማንም የትኛው ፓምፕ እንደሆነ እንዳይሳሳት። እዚህ ስሙን የማልጽፈውም የፓምፑ ስም የሰው ስም ስለሆነ ነው።

ጥናቱን የመራው ኢንጂነር ከአዲስ አበባ የመጣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሳሳጥር እንዳላጣምም፣ የጻፍኩትን መስመር በመስመር ከሪፖርቱ ጋር አስተያየልኝ። መጨረሻ ላይ «የጥናቱ ውስንነቶች» የሚለው ክፍል የት እንደገባ ጠየቀኝ። እሱ የእናንተ የባለሙያዎች ጃንጥላ ነው፣ ለገበሬ ምን ይሠራለታል አልኩት። ሳቀና እሺ አለ።

ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ለጥቂት ሰዎች ተነቦ፣ የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይነግሩናል። እንዲህ ካልተደረገ ቀላል ያልነው ለእኛ ብቻ ቀላል ሊሆን ይችላል። ጀርም የተገኘበት ፓምፕ አጠገብ ያለው ማንጎ ሥር ተቀመጥን። የውኃ ኮሚቴው አባላት አሉ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው አንድ ሰፋሪ አዛውንት አሉ፣ ወደ አኝዋክኛ የምትመልስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አለች። አዛውንቱ የገባቸውን ሲናገሩ ደስ አለኝ። የፓምፑ ዙሪያ ሲሚንቶ ተሰንጥቋል፣ ከብት የሚረግጠው የቆሻሻ ውኃ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተጠግኖ እንደገና እስኪመረመር ድረስ አፍልተን ወይም ክሎሪን ጨምረን እንጠጣለን አሉ። አንድም ነገር አልቀረም። እኔም በሥራዬ ኮራ ብዬ ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ስሟ ወረቀቱ ላይ ያለው የፓምፑ ተንከባካቢም እዚያው ተቀምጣ ነበር። የፓምፑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነበር። የጤና ሠራተኛዋን ሳትጠብቅ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ ልጄን የገደለ ይኼ ውኃ ነው?»

ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጇ በተቅማጥ መሞቷን ከእኔ በቀር እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አዛውንቱ ቀደም ብለው፣ አይደለም፣ የእግዜር ሥራ ነው አሉ። ዞር ብላም አላየቻቸው። «ወረቀት ምን ይላል?» አለችኝ።

አይደለም ልላት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን የተጠየቀው ወረቀቱ እንጂ የእኔ አፍ አይደለም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ ብያት ተነሣሁ። ወደ ጋምቤላ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሾፌሩ አመመሽ ወይ አለኝ፣ ዝም ብለህ ንዳ አልኩት፤ እሱ ምን አጠፋ?

ኢንጂነሩ ጥያቄዋን ስነግረው ሪፖርቱን ከፍቶ እኔ የጣልኩትን ክፍል አወጣ። የውኃው ናሙና የተወሰደው ዘንድሮ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፤ ያለፈው ዓመት ውኃ አልተመረመረም፤ የታመመ ሰውም አልተመረመረም፤ ስለዚህ ከዚህ ጥናት ተነሥቶ ማን በምን እንደታመመ መናገር አይቻልም። በእንግሊዝኛ ደረቅ ብሎ የተቀመጠ አንቀጽ ነው። እሷ የምትፈልገው መልስ እዚያ ነበር፤ ለባለሙያ ብቻ ነው ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ።

«አይደለም ብለን ብንጽፍላትስ?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «እኔም ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «ግን አናውቅም።»

ተመልሼ ሄድኩና ለብቻዋ ነገርኳት። ወረቀቱ ነው አይልም፣ አይደለምም አይልም አልኳት። ጥናቱ አያውቅም። ከዚያ፣ ስሟን ከወረቀቱ አውጥቼ ፓምፑን በማንጎው ዛፍ ልጥራው ብዬ ለመንኳት። ሰው በየደጁ ስሟንና ጀርምን አንድ ላይ እያነሣ እንዲያወራ አልፈለግሁም። 

«አይሆንም» አለችኝ። «ማንጎ ብዙ ነው። ስሜ ከወጣ ሰው የቱ ፓምፕ እንደሆነ አያውቅም። እናት ለልጇ ትቀዳለች። ስሜ ይቀመጥ። ግን ከሥሩ ያን ጻፊ። አያውቅም የሚለውን።»

ጻፍኩት። ከዚያች መስመር ላይ ቃል እያነሣሁ እያነሣሁ ሄጄ ይህ ቀረ፦ «ይህ ጥናት አምና ውኃው እንዴት እንደነበረ አያውቅም። ማን በምን እንደታመመ ወይም እንደሞተ አያውቅም።» ኢንጂነሩም አይቶት ሲያበቃ፣ ጥፋቱ የተንከባካቢዋ እንዳይመስል በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨመረበት፤ «ስንጥቁን ጠርጎ ማዳን አይቻልም፤ የሚጠግነው ግንበኛ ነው።» ሪፖርቱ ውስጥ በዚህ ቃል አልተጻፈም። እውነት ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ከሠንጠረዡ ሁሉ ይበልጥ እውነት ነው አለኝ። ያን ቀን ወደድኩት።

ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ ያው ማንጎ ሥር ተሰበሰብን፤ በዚህኛው ቀን መንደሩ ግልብጥ ብሎ ነው የመጣው። የጤና ሠራተኛዋ እያንዳንዱን መስመር በአኝዋክኛ አነበበች። የሴትዮዋ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ቀና ብላ እንደተቀመጠች ነበር። ከዚያ ከስሟ ሥር ያለው ተነበበ። 

አንድ ቃል ተናገረች። ያቺን ያህል አኝዋክኛ እሰማለሁ፤ ድገሚው ነው ያለችው።

የጤና ሠራተኛዋ ደገመችው፤ አያውቅም የሚለው ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጎረቤቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሄዳ አቀፈቻት። እኔ ደንግጬ ወደ አዛውንቱ ተጠጋሁና ያጠፋሁት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ተያት፣ ታልቅስ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጇን የቀበርን ቀን አላለቀሰችም።»