በደል ያላገኘሁበት ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ጋፋት ሄጄ ከመሪጌታ ክንዴ ተዝካር ዋልሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ከየደብሩ የመጡ ተማሪዎቻቸው ጥግ ይዘው ስለ ዜማ ችሎታቸው እየተቀባበሉ ያወራሉ። አንዱ ስለ ድምፃቸው፣ ሌላው ስለ ቁጣቸው ይናገራል። እኔ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። ስለ ዜማ ምኑንም አላውቅ፤ እኔ የማውቃቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ያዩኝን አስተያየት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በጉና ተራራ ግርጌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ፣ ሳምንቱን ከገበሬዎች ጋር ስውል ሰንብቼ ቅዳሜ ወደ ደብረ ታቦር እመለሳለሁ። ደብረ ታቦር እናቴ አለች፤ ታደለም አለ። ታደለ የሒሳብ መምህር ነው፣ እጮኛዬ። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮልኝ፣ ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር።

ስለ ታደለ ክፉ ልናገር ብል አፌ ይታሰር። አይጠጣም፣ አይዋሽም፣ ሴት አይቶ አይዞርም። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ይበሰብሳል። እናቴን ያለ አንቱታ ጠርቷት አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «እናኑ ታድለሽ!» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ግን አንድ ነገር ነበረው። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ እሱ ይመልሳል። «እናኑ ማለት የፈለገችው…» ብሎ ይጀምርና ከእኔ አሳምሮ ይጨርሰዋል። ወሬ ሳወራ «ሦስት አልነበሩም፣ ሁለት ናቸው» ብሎ ያርመኛል፤ ልክም ነው፣ ሁለት ነበሩ። ምግብ ቤት ስንገባ ጨጓራዬን ፈርቶ ቃሪያ የሌለበት ሽሮ ያዝልኛል። እኔ ደግሞ ቃሪያ ነፍሴ ነው! ባሕር ዳር የሦስት ወር ሥልጠና ሲደርሰኝ «ይከብድሻል ብዬ እኮ ነው» አለኝ፣ ዓይኑ እየራራ። ቀረሁ። ማንም አላስገደደኝም። ይሄ ነው ጉዱ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ቀስ በቀስ፣ ከመናገሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ መለማመድ ጀመርሁ። ስስቅ አፌን በነጠላ እሸፍናለሁ። ድሮ የአባቴ ዘመዶች «የእናኑ ሳቅ ከብት ይመልሳል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። መቼ እንደጠፋ አላወቅሁትም፤ መጥፋቱንም ያየሁት በጥቅምት፣ ጉና ላይ፣ በአንድ ሰሐን ድንች ምክንያት ነው።

የዚያን ሰሞን ሥራዬ የዘር ድንች ነበር። ገበሬው ዘሩን ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሲወጣ ጉንቁሉ ረዝሞ፣ ነጥቶ፣ ሲነካ እንክት ይላል። እኛ ደግሞ ሣር ክዳን ያለው የእንጨት መደርደሪያ ሠርተው፣ ጥቂት ብርሃን እየገባው እንዲያቆዩት እናስተምራለን። ወይዘሮ ጥሩ የምትባል ባለቤቷ የሞተባት ብርቱ ሴት ዘንድ መደርደሪያ ስንሠራ ውለን፣ ከእሳቱ ዳር ቅቅል ድንች አቀረበችልኝ። ውጭው ብርድ ነው፤ ድንቹ እየተነነ፣ ቆዳው እየተፈነከተ።

«በአዋዜ ነው በጨው ላርግልሽ?» አለችኝ።

እኔ ወደ ጎን ዞርሁ። አንገቴ በራሱ ዞረ ብል ይሻላል። ታደለን ፍለጋ ነው። ታደለ ደብረ ታቦር ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር።

«ማንን ነው ምትፈልጊው ልጄ?» አለች ወይዘሮ ጥሩ፣ ወደ ባዶው ግድግዳ እያየች።

ደነገጥሁ። እውነቴን ነው፣ ጅብ ያየሁ ያህል ደነገጥሁ። ድንች በምን መብላት እንደምወድ የማላውቅ ሰው ሆኛለሁ! «በአዋዜ» አልኋት። «አፈር ስሆን ብዪ!» ብላ አዋዜውን ከነዕቃው አቀረበችልኝ፤ ዓይኔ እንባ እስኪያፈስ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወደ ላይ ወጣሁ። ጅብራው፣ ያ የደጋው ረጅም ተክል፣ በውርጭ ነጥቶ ቆሟል፤ ጉሙ ከእግሬ በታች ነው። ከዚያ ጉሙ ተቀደደና የፎገራ ሜዳ፣ ከሜዳው ባሻገር ጣና እንደ ቀጭን መስመር ሲያበራ ታየኝ። እንዲህ ያለ ስፋት ፊት ሰው ማነስ አለበት፣ አይደል? እኔ ግን አላነስሁም። «አቤት ሥራህ! አቤት!» እያልሁ ጮክ ብዬ አለቀስሁ፤ ቀጥሎም ሳቅሁ፣ ያን የድሮ ሳቄን። ታች ያለ እረኛ «ምንድን ነው?» ብሎ ተጣራ። ታላቅ ነገር ፊት መቆምና ሰው አጠገብ መኮሰስ ለየቅል መሆናቸው ያን ቀን ገባኝ።

ወዲያው ግን ራሴን ተጠራጠርሁ። ተራራ ሰውን ያሰክራል። ምናልባት የሠርግ ፍርሃት ይሆናል፤ ምናልባት ከተማው ሰልችቶኝ ይሆናል። በእኛ ሥራ ሰብል ሲቀጭጭ ዘሩ ነው፣ አፈሩ ነው፣ ውሃው ነው ለማለት አንድ በአንድ እየለወጡ ያዩታል፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ከለወጡት ምንም አያውቁም። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ከተማ ውስጥ ከጓደኛዬ ከስመኝ ጋር ዋልሁ፤ አፌ እንደ ልቡ ተፈታ። እንግዲያው ከተማው አይደለም። ታደለን ደግሞ ለምኜ ጉና ይዤው ወጣሁ። ያው ተራራ፣ ያው ጅብራ፣ ያው የወይዘሮ ጥሩ ቤት። ገበሬዎቹ «ድንች ብርሃን ካየ መራራ ይሆናል» ብለው ሲከራከሩኝ፣ «ለመብላት ከሆነ ልክ ናችሁ፣ ለዘር ግን…» ብዬ ሳልጨርስ ታደለ በትሕትና ጨረሰልኝ። እኔም እጄን አጣምሬ ቁልቁል መሬቱን አየሁ። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ እየሄድሁ እየመጣሁ አየሁት። ስናደድም፣ ደስ ሲለኝም፣ እንቅልፍ ሲያንሰኝም፣ መልሱ ያው ነበር።

ነገርሁት። ሰምቶ ከልቡ አዘነ። «ምን ላሻሽል? ዝርዝሩን ስጪኝ» አለኝ። እንደ ሒሳብ መምህር! ለሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ሰማኝ። በተናገርሁ ቁጥር «አሁንስ ደህና ነኝ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ እሱ እንዳይከፋው ቃሌን እየመረጥሁ የባሰ አነስሁ። ሁለታችንም ደክመን ነበር። ቀለበቱን ልመልስ እፈልጋለሁ አልሁት።

እናቴ ጮኸች። «ጥጋብ ነው! መታሽ? ሰደበሽ?» ሽማግሌ ተጠራ። በእኛ አገር መለያየት ምክንያት ይፈልጋል፤ በዳይና ተበዳይ ተለይቶ፣ ካሳ ያለው ክሶ፣ እርቅ ይወርዳል። በደል የሌለበት ጉዳይ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ መያዣ የለውም። ስመኝ ይሄን አውቃ ዋዜማውን መከረችኝ፤ «ይጠጣል በይ ባክሽ፣ ተገላገይ!» አለችኝ። አሰብሁበት። ውሸቱን አዘጋጅቼ ተኛሁ።

ጾሙ ሊገባ ሲል ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሦስት ሽማግሌዎች እናቴ ቤት መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ መሪጌታ ክንዴ፣ ጭራቸውን ይዘው። ታደለ ፊት ለፊቴ ነው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የመጣ።

«ልጄ፣ ምን በደለሽ?» አሉ መሪጌታ።

አፌን ከፈትሁ። ታደለ ያየኛል። ምን እንደምል አያውቅም፤ ግን እንደማልዋሽበት እርግጠኛ ነበር፣ ከዓይኑ ያስታውቃል። ውሸቱን ተውሁት። መልሴ ሲዘገይ ጊዜ ጨነቀው መሰለኝ፣ «አባ፣ እናኑ ማለት የፈለገችው…» ብሎ ጀመረ።

መሪጌታ ጭራቸውን አነሡ። «እሷን ነው የጠየቅሁ።»

እኔም ተናገርሁ። «አልበደለኝም፤ አንድም ቀን አልበደለኝም። ከሱ ጋር ስሆን ግን አንሳለሁ። ስስቅ አንሳለሁ፣ ሳወራ አንሳለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። እየጠፋሁ መሄዴን ግን አውቃለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ ይሄ ምኑ ምክንያት ይባላል?» ብለው አጉረመረሙ። መሪጌታ ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰው ሌላ ሰውን እንዲህ ሲያይ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አልገጠመኝም፣ ገና ያን ጊዜ በበሩ የገባሁ ያህል።

«ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ» አሉ። «ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንደኛው ድምፅ ይጠፋል። ያኛው አልጮኸበት፣ አልገፋው፤ ቅን ልጅ ነው። ድምፁ የሚጠፋውን ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነህ እያልሁ ስገርፈው ኖርሁ። አንድ ቀን ያኛው ታሞ ቀረና ይሄኛው ብቻውን ቆሞ ሲያዜም ሰማሁት። ጭራዬ ከእጄ ወደቀ። ይሄ ሁሉ ድምፅ የት ነበር? አልሁ።» ከዚያም፣ «ብቻሽን ብትቀሪስ ልጄ? አትፈሪም?» አሉኝ።

«እፈራለሁ» አልሁ። «ግን ፍርሃቱ የራሴ ይሆናል።»

«እንግዲህ ቀለበቱን መልሺ» አሉ። «በደል ካልተገኘ ገና ያልተጋባ አይለያይ የሚል መጽሐፍ አላየሁም።»

ታደለ ቀለበቱን ተቀበለኝ። «እኔ ክፉ ሰው ነኝ?» አለኝ። «አይደለህም» አልሁት። ያን ቀን ሙሉ ከተናገርሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። እናቴ ጾሙን ሙሉ አላናገረችኝም። እኔም በየሌሊቱ ተሳስቼ ይሆን እያልሁ ተገላብጫለሁ፤ ጠዋት ግን ወደ ጉና ስወጣ ከመንገዱ ጋር ድምፄ ይመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ከድንኳኑ ስወጣ አንድ ሽበታም ሰው «እናኑ!» አለኝ። ታደለ ነው። ሚስቱን አስተዋወቀኝ፤ ደስ የምትል ሴት፣ እሱ አንድ ሲል እሷ ሁለት የምትል። እሷ ወደ መኪናው ቀድማን ሄደች። ታደለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያን ቀን የደበቅሽው ነገር ነበር?» አለኝ።

አንድ ትንሽ በደል ፈልጌ ብሰጠው በተገላገለ ነበር። «የለም ታደለ፤ ሁሉንም ነው የተናገርሁት» አልሁት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ጥፋቴን ስፈልግ ኖርሁ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ እንደ መሳቅ አለና፣ «ያን ቀን እንዴት ደፈርሽ ግን?» አለኝ።

አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ዛሬ ሃምሳውን አልፌ፣ ለስንቱ ምክር እየሰጠሁ፣ ምስክር የሌለውን ነገር አምኜ ሽማግሌ ፊት የምቆም አይመስለኝም። ያቺ ልጅ ግን ቆማለች፤ በእጇ ከራሷ ስሜት በቀር ምንም ሳይኖር። አሁን በዚህ በር ብትገባ፣ ጉልበቴን ቢያመኝም፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር የምቀበላት።