መብራት ያላሸነፋት ጸሐፊ

ፍርድ ቤቱ አጠገብ አቤቱታ የምትጽፈውን ሴት፣ ኪቦርዷ ስለማያባራ፣ ሰፈርተኛው «ዝናቧ» ይላታል። አንድ ቀን ፋይል ሴቭ እያደረገች መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ኮምፒውተሯ አልነሳ አለ።

አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ አየውና «ዲስኩ ደህና ነው። እየጻፈ ሳለ ስለተቋረጠበት የፋይል ሥርዓቱ ተበላሽቷል» አላት። አብዛኛውን ሥራዋን አተረፈላት።

ወንድሟ «እህቴ፣ ይቅርብሽ፤ ሥራውን ዝጊው» አላት።

«እኔን መብራት አይዘጋኝም!»

መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ገዝታ ኮምፒውተሩን ሰካችበት፤ ፕሪንተሩን ደግሞ ድንገተኛ የኃይል ጭማሪ ከሚከላከል ማከፋፈያ ጋር አገናኘች።

በማግስቱ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይጮህ ጀመር። አቤቱታ እያጻፈ የነበረ ባለጉዳይ «አለቀልኝ!» ብሎ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል፣ አልጨረስኩም!»

አቤቱታውን ቋጨች፣ ሴቭ አደረገች፣ ኮምፒውተሩን በወጉ አጠፋች። ከዚያ ወንበሯን ደጅ አውጥታ፣ እግሯን አነባብራ መብራቱን ትጠብቅ ጀመር።