አፌን የሚሸፍነው እጅ

ጓደኛዬ ልታገባ ነው፤ አንደኛ ሚዜ ሁኚልኝ አለችኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ያሰብኩት ስለ ጥርሴ ነበር።

ያደግሁት ከአዳማ ወዲያ፣ ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ሁሉ ጥርሱ ቡናማ ነው። ክፍላችን ውስጥ ነጭ ጥርስ የነበረው ከደጋ የመጣው የሒሳብ አስተማሪያችን ብቻ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ የሚያሳዝነን እሱ ነበር። እንደ ልባችን አፋችንን ከፍተን እንስቅ ነበር። አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ አንዲት የዶርሜ ልጅ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ “ጥርስሽን ምን ነካው?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣ እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ይሄዳል። እጄን ተከትሎ ትከሻዬ ጎበጠ፤ ዓይኔም መሬት መሬት ማየት ለመደ። የአክስቴ ጎረቤቶች “ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት” ይሉኝ ጀመር። ጨዋ መባሉን አልጠላሁትም፤ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው ቆንጆ ሲለኝ መስማት እመኝ ነበር። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ የእኔ ስም ደግሞ ለራሱም ደጋፊ ይፈልጋል።

ለማንኛውም፣ እምቢ ብላት ስለማትለቀኝ እሺ አልኩ።

የሚዜዎች የዳንስ ልምምድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ለቅሶም ሰርግም በሚስተናገድበት የጋራ አዳራሽ ነበር። አሰልጣኛችን አጭር፣ ፊቱ በብጉር ጠባሳ የተሞላ ሰው ነው። በር ላይ ብቅ ሲል ግን ሁላችንም ዞር ብለን አየነው፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ትንሽ አስጨፍሮን ሙዚቃውን አጠፋው።

“እግራችሁ ደህና ነው፣ ይደርሳል” አለ። “ፊታችሁ ግን ለቅሶ ቤት ነው ያለው። ጥንድ ጥንድ ሁኑና ተያዩ። ሳበቃ የጓደኛችሁ የትኛው ዓይኑ እንደሚያንስ ትነግሩኛላችሁ።”

ጥንዱ በቁመት ስለሆነ ለእኔ የደረሰኝ ረጅሙ ሚዜ ነበር፦ ጆሮው ሰፋፊ፣ ከራሱ ጫማ ላይ ዓይኑን የማያነሳ የቢሮ ሠራተኛ። እሱ ጫማውን፣ እኔም የእሱኑ ጫማ እያየን ቆየን። አሰልጣኙ “ጫማው ቆንጆ ነው፤ ሚዜው ግን ጫማው አይደለም” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጄ ወደ አፌ ሄደ።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ ሰጠን፤ ሰው ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ሰላም በሉ ተባልን። እኔ ነገር ስይዝ አጥብቄ ነው። ሰኞ ጠዋት ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ሴት እንዳልሸነፍ ብዬ ዓይኔን ሳላርገበግብ አየኋት። ሴትየዋ መጀመሪያ ቀሚሷን አስተካከለች። ቀጥላ ያቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እንደገና ሳያት “በስመ አብ” ብላ ሲ.ኤም.ሲ ላይ ወረደች። ቡዳ መስዬአት ነው። ቀኑን ሙሉ በሐፍረት ስቃጠል ዋልኩ።

ቅዳሜ ይህን ስነግረው አሰልጣኙ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “ዓይን እኮ ሰው ላይ አይቸነከርም” አለኝ። “ታይዋለሽ፣ ትንሽ ትቆያለሽ፣ ፈገግ ትያለሽ፣ ትለቂዋለሽ። ሲያወራሽ እይው፤ አንቺ ስታስቢ ዞር ብትዪ ችግር የለውም። ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጎንበስ ብለሽ እጅ ትነሻለሽ፣ ቀና ብለሽ ታያለሽ። ፈገግታው አፍሽ ላይ ብቻ ከቀረ ያስታውቃል፤ ጉንጭሽ ከፍ ብሎ ዓይንሽን ጠበብ ሲያደርገው ነው ሰው የሚያምነው።”

ድምፄን ዝቅ አድርጌ “ጥርሴስ?” አልኩት።

“ጥርስሽን አይቼዋለሁ። ከጥርስሽ በፊት ያየሁት ግን እጅሽን ነው። ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ ሁሉም እዚያው ነው የሚያየው። ለእጅሽ ሌላ ሥራ ስጪው።”

ሥራ ሰጠሁት። ሳወራ የቦርሳዬን ማንገቻ እይዛለሁ፣ ስደንስ የረጅሙን ሚዜ ክንድ። ከመስታወት ፊት ቆሜ ትከሻዬን ወደ ኋላ መለስ፣ አገጬን ቀና ማድረግ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ ጀርባዬን አመመኝ፤ የማላውቃት ኩራተኛ ሴት መስዬም ለራሴ አስጠላሁ። ቀስ በቀስ ግን ማሰቡ እየቀረ መጣ። ገብቼ ስወጣ አይተውኝ የማያውቁት የግቢያችን ጥበቃ፣ ፈገግ ብዬ “እንደምን አደሩ?” ስላቸው ብድግ ብለው “እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ልጄ? አዲስ ተከራይ ነሽ?” አሉኝ። እዚያ ግቢ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ረጅሙ ሚዜ በሩን ከፍቶ ገባና ሁላችንንም አየት አድርጎ ሰላም አለን፤ እኔም “ይሄ ልጅ ሲያምር!” ብዬ አሰብኩ። ጆሮው ያው ጆሮ ነው፣ አፍንጫውም አልተለወጠም። ጫማውን ማየት ትቶ እኛን ማየት መጀመሩ ነው። ይሄ ነገር እሱ ላይ ከሠራ እኔም ላይ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ከልጁ ጋር እስከ ዛሬ እንደዋወላለን፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የሰርጉ ዕለት ለፎቶ እንጦጦ ወጣን። ታኮ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በባሕር ዛፉ መሃል ያለውን ዳገት ስንወጣ የረጅሙ ሚዜ የኪራይ ሱሪ ከኋላው ተርተር ብሎ ተቀደደ። እሱ ኮስተር ብሎ “ማንም ወደ ኋላዬ እንዳይዞር” አለና ወደ ጎን እንደ ሸርጣን እየተራመደ መውጣቱን ቀጠለ። ጥርስ የማያስከድን ነገር ነበር። በአንድ እጄ አበባ፣ በሌላው ጫማ ይዣለሁ፤ ቀና ብዬ፣ እሱን እያየሁ፣ አፌን ከፍቼ ሳቅሁ። ፎቶግራፈሩ ያን ጊዜ አነሳኝ።

ማታ ሙሽራዋ ጆሮዬ ላይ አጎንብሳ “የባሌ አክስት ያቺ ቆንጅዬዋ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁኝ” አለችኝ። ሙዚቃው ስለሚጮህ አልሰማሁም ብዬ አስደገምኳት። ሰምቼ ነበር።

ፎቶዎቹ በቴሌግራም ሲላኩ የእንጦጦውን ወዲያው ለእናቴ አስተላለፍኩ። ደወለችልኝ። ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

“ልጄ፣ ጥርስሽን አስነቀልሽው እንዴ?”

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጥርሴ ወተት መስሏል። ፎቶግራፈሩ ጋ ስደውል ደነገጠ፤ “ለሁሉም ሰው ነው የማነጣው፣ ደስ ይልሻል ብዬ እኮ ነው” አለ። የራሴን ጥርስ መልስልኝ አልኩትና ዋናውን ላከልኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ አየኋቸው። ነጩ ላይ የተጨመረ ውበት ፈልጌ አጣሁ። ቀና ያለው አንገት፣ ጠበብ ያለው ዓይን፣ ሳቁ፣ ሁሉም በሁለቱም ላይ አለ።

ዋናውን ለእናቴ ላክሁላት። ቆይታ ደወለች።

“ይኼን አሳጥበሽ ላኪልኝ” አለች። “ትልቅ አድርገሽ። የምረቃሽን አውርጄ እሱን እሰቅላለሁ፤ እዚያ ላይ አፍሽን ገጥመሽ ሳይሽ ሁልጊዜ ያስቀየመሽ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።”