አምስት ሠራተኞችን ወደ ቤት መሸኘት

ችኩል ነኝ። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ ደግሞ ከችኩልነቴ ጋር ኩራትም ነበረብኝ። ሁለቱ ተደምረው ምርቃቴን ሊያስቀሩብኝ ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የቀረኝ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ነበር። እሱ ከወደቀ ከጓደኞቼ ጋር ጋውን መልበስ የለም፤ ዓመት መጠበቅ ነው። በዴሳ ከተማ እህል የሚነግደው አባቴ ግን በሬውን ማድለብ ጀምሯል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰውም ሁሉ አውርቷል። እኔም አፌን ሞልቼ «ጨርሻለሁ» ብዬዋለሁ።

ፕሮጀክቱን በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍነው ከሻንቶ ከተማ ከመጣ አንድ ልጅ ጋር ነው። እሱ ረጋ ያለ፣ እኔ እሳት። አምስት ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች፣ አሉን፤ እኛ «ሠራተኞች» እንላቸዋለን። ዋናው ፕሮግራም አርባ የጽሑፍ ፋይሎችን አንድ የጋራ ወረፋ ላይ ይደረድራል፤ ሠራተኞቹ እያነሱ ቃላቱን ይቆጥራሉ። ወረፋው ቁልፍ ስላለው ሁለት ሠራተኛ በአንዴ አይነካውም። ሥራ ሲጠፋ ሠራተኛው ቁልፉን ለቆ ይተኛል፣ አዲስ ሥራ ሲገባ ሲግናል የሚባል መቀስቀሻ ተልኮለት ይነቃል። እንዴት እንደሚያምር! ሥራቸውን ሲሻሙ እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የማቅረቢያችን ቀን ጠዋት ተራ ከሚጠብቁ ተማሪዎች ጋር ላብራቶሪ ገባን። መምህራችን ድምፁን የማያነሳ፣ ግን ምንም የማያልፈው ሰው ነው። ፕሮግራሙን አስነሳሁት፤ የአርባውም ፋይል ውጤት ስክሪኑ ላይ ተንጣለለ። እጄ እንደ ልማዱ ፕሮግራም የሚያቋርጠውን ኮንትሮል ሲን ሊጫን ሄደ።

«አትንኪው» አለኝ መምህሩ። «ራሱ ይጨርስ።»

ጠበቅን። አልጨረሰም። ለካ እኔ ውጤቱን ባየሁ ቁጥር በራሴ ጣት ስገድለው ኖሬ፣ ራሱ ሲያበቃ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም! ፊቴ ጋለ።

የሻንቶው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መጨረሻው ላይ ሁሉንም በአንዴ የሚያቆመውን ኤግዚት እንጻፍና እንገላገል፣ እህቴ» አለኝ።

መምህሩ ሰማ። «ሥራ በእጁ የያዘ ሠራተኛ ካለስ? ከነሥራው ልትቆርጡት ነው? ይልቅ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲወጣ ‹ወጣሁ› ብሎ ይጻፍ። ያለን አሥር ደቂቃ ነው።»

ጻፍንና እንደገና አስነሳነው። አርባው ተቆጠረ። ከዚያ አንድ «ወጣሁ» ብቻ። ዋናው ፕሮግራም አምስቱም እስኪወጡ ስለሚጠብቅ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ሠራተኞቹን የሚያሰናብተውን መዝጊያ ማን ጻፈው?» አለ መምህሩ።

«እኔ፣ ቲቸር። አርባው ሲያልቅ ቁልፉን ይዤ የመዝጊያውን ምልክት አደርጋለሁ፣ ከዚያ ሲግናል እልካለሁ።»

«ሲግናል ስንቱን ይቀሰቅሳል?»

«አንዱን።»

«ሌሎቹን አራቱንስ?»

ከአፌ አመለጠኝ፦ «አንዱ ይነግራቸዋላ! አንድ ለአምስት ናቸው እኮ!»

ላብራቶሪው በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ መልእክት ለመሪው ይነገረዋል፣ መሪው ለቡድኑ ያደርሳል። እኔም ሳላስበው ትሬዶቼን እንደዚያ አደራጅቼአቸዋለሁ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«የነቃው ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት ለሌላው ሲግናል ቢልክ ያንቺ አንድ ለአምስት ይሠራ ነበር። ግን እንዲልክ የነገረው የለም። ሥራ ሲገባ አንዱን መቀስቀስ ይበቃል፤ ስትዘጊ ግን ሁሉንም ነው።»

አንዷን መስመር ከሲግናል ሁሉንም በአንዴ ወደሚቀሰቅሰው ብሮድካስት ቀየርኩ። ተቻኩዬ ሦስቴ ተሳሳትኩ። አስነሳሁት። ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ወጣሁ። ፕሮግራሙም በራሱ አበቃ። ዘልዬ ልነሳ ስል መምህሩ እጁን ዘረጋ።

«አንድ ቀርቷል። አርባውን ወረፋው ላይ እንዳስገባችሁ ወዲያው ዝጉት፤ ገና ሥራ ሳያልቅ።»

ስለዚህ ነገር ከሻንቶው ልጅ ጋር ተጣልተን ነበር። እኔ «የመዝጊያውን ምልክት ያየ ሠራተኛ ይውጣ፣ አለቀ» ስል፣ እሱ «ወረፋው ባዶ ከሆነ ብቻ ይውጣ» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በመጨረሻ ማን እንዳሸነፈ እንኳ አላየሁም ነበር፤ የሠራተኞቹን ኮድ የጻፈው እሱ ነው። የእኔ ሐሳብ ከሆነ የገባው፣ ያልተነሳው ፋይል ሁሉ ሳይቆጠር ወረፋው ላይ ይቀራል።

አስነሳነው። የተቆጠሩት ፋይሎች ቁጥር እየተከታተለ ወረደ፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። ከዚያ አምስቱ ወጡ።

«አልፋችኋል» አለ መምህሩ። «ይህቺን የወረፋ ነገር ማን አሰባት?»

የሻንቶው ልጅ ዓይኑን ሰብሮ ዝም አለ። ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው፤ ታውቆኛል።

«እሱ ነው፣ ቲቸር» አልኩ። «እኔማ እንዳያስገባት ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፌው ነበር።»