የደምለው አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት

በ1976 ዓ.ም. ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ከእንግሊዝ አገር የመጣው ፖስታ ደባርቅ እርሻ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ፣ መጀመሪያ እልል ያለችው ጸሐፊዋ ጤናዬ ነበረች።

«ደምለው! ተቀበሉህ! እንግሊዝኛውን የመታሁበት እጄ ይባረክ!»

ደምለውም ከልቡ «አሜን ይባረክ» አላት። የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ሆኖ በዚያ ቢሮ ከተቀጠረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት በር አንኳኩቶ ነበር። አንዱ ዓለማያ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት፣ ሁለተኛው ዓመት መስክ ወጥቶ ምርምር። መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን አያቋርጥበትም፤ ግን ከዚያችው ደመወዝ ዓለማያም መብላት፣ ዳባት ያለችውን እናቱንም መጦር፣ ጎንደር አሥራ አንደኛ ክፍል ለምትማረው ለእኅቱ ለጥሩዬም የቤት ኪራይ መክፈል አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ! ሌላው የእንግሊዙ ነው፤ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ቀለቡንም ማደሪያውንም እነሱ ይችላሉ። ደመወዙ እንዳለ ለቤተሰቡ ይቀራል ማለት ነው። የትኛው እንደሚሻል ማንንም ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነበር።

ደምለው ደብዳቤውን ቁጭ ብሎ ያነበበው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ከተበተነ በኋላ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። «የአንድ ዓመቱ ትምህርት ቢያንስ ሦስት ዓመት በሥራ ላይ ለቆዩ ሰዎች የተሰናዳ ነው፤ እርስዎ ዲግሪዎን ከመያዝዎ በፊት ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት በመስክ ማገልገልዎ አስደስቶናል» ይላል።

ዘጠኝ ዓመት? ከየት መጣ?

የሥራ ልምድ ማስረጃውን ቅጂ ከፋይሉ አስወጥቶ አየው። ጤናዬ ከአማርኛው ስትመልሰው መስከረምን በፈረንጅ ወር ተክታለች፤ 1975ን ግን እንዳለ ትታዋለች። የኛ 1975 ለነሱ 1982 መሆኑ ትዝ አላላትም። እሱም የጎንደር አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ማኅተሙን ብቻ አይቶ ነበር ፖስታው ውስጥ የከተተው። ፈረንጆቹም በራሳቸው ዘመን ቆጠሩት።

ከሁሉ የባሰው ግን የመጨረሻው መስመር ነበር። «ትምህርቱ በዘጠኝ ወር ይጠናቀቃል፤ በቀሩት ሦስት ወራት የመመረቂያ ጽሑፍዎን የሚጽፉት ከሥራዎ ላይ ካጠራቀሙት የብዙ ዓመት ልኬት ስለሆነ፣ ይዘው እንዲመጡ።» የደምለው ልኬት የአንዲት ክረምት ነው። እርከን ባለውና በሌለው ማሳ ግርጌ ገንዳ ቀብሮ፣ ጎርፍ የሚያወርደውን አፈር መዝኖ ነበር፤ ከገንዳዎቹ ሁለቱን ነሐሴ ላይ ጎርፉ ራሱ ነቅሎ ወሰዳቸው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዳኘው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ።

«ታዲያ ምን ሆንክ? ዘመናቸው ከኛ መቅደሙን ካላወቁ የራሳቸው ጉድ ነው። አንተ አልዋሸህም።»

«አሁንስ አወቅሁ እኮ፣ ጋሼ ዳኘው። አውቄ ዝም ካልኩ ያው ነው።»

«ቄስ ልትሆን ነው ምሁር?»

«እሺ፣ ዝም ልበል። ደርሼስ ምን ልጻፍ? ባዶ እጄን ነኝ።»

«ከመዝገብ ቤት የቆየ ልኬት ውሰድ።»

«የቆየው የእርከን ርዝመት ነው። ስንት ሜትር ተሠራ ይላል እንጂ ስንት አፈር ሄደ አይልም። ያንን ለሪፖርት እንጂ ለሌላ ማን ይፈልገዋል?»

ሪፖርቱን የሚጽፈው ዳኘው ራሱ ነበርና ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው ስማኝ። ለዓለማያ ከኛ የሚጠቆመው አንድ ሰው ነው። ጎንደር ያለው ዋናው ቢሮ ስሙን ሰኞ ይፈልጋል። ሁለቱን ይዘህ መቆየት የለም። ሰኞ ጠዋት ዓለማያን ካላልከኝ አምባ ጊዮርጊስ የሚሠራውን ልጅ እልካለሁ።»

ደምለው ቅዳሜ በእህል መኪና ዳባት ወረደ። ጥሩዬም ለበዓሉ መጥታ ገና ወደ ጎንደር አልተመለሰችም። እናቱ ወይዘሮ ውቢት ገብስ እያበጠረች፣ ሰፌዷን ሳታቆም ሰማችው።

«እና ልጄ፣ ተቀብለውህ አልሄድም ልትል ነው?»

«የተቀበሉት እኔን አይደለም፣ እምዬ። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሌላ ሰው ነው።»

«ሌላ ሰው ከሆነ ደብዳቤው ላይ የማን ስም ተጻፈ?»

«የኔ።»

«እንግዲያ!» አለችና ገለባውን ወደ እሱ በኩል አነፈሰችው። «እኔ እግዚአብሔር በር ከፈተልህ ብዬ ስለት አግብቻለሁ። አንተ ደግሞ በሩ ጠማማ ነው ትላለህ።»

«በሩስ ይሁን። ከገባሁ በኋላ እንደማያውቅ ሰው መቆም አለ። አብረውኝ የሚቀመጡት ዓመታት የሠሩ ናቸው፤ የሚያስተምራቸው ሰው ከሥር አይጀምርላቸውም። ብወድቅ ደግሞ ሁለተኛ አይልኩኝም።»

ጥሩዬ ግን «የኔስ ኪራይ?» አለች።

ደምለውን ያናደደው ይኸው ነው። ሐቁን ይዞ ቆሞ፣ የሐቁን ዋጋ የምትከፍለው እኅቱ ሆነች። ቢዋሽ ሁሉም ይጠግባል፤ እሱ ብቻ ያፍራል። ባይዋሽ ሁሉም ያዝንበታል። እሑድ ቅዳሴ ቆሞ ዋለ፤ ጸሎቱ ግን ጸሎት ሳይሆን ሙግት ነበር። «ጌታዬ፣ አንዱን ዓመት ካልሰጠኸኝ ለምን አሳየኸኝ?» አለ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ግን አንድ ነገር ቁርጥ ሆኖለት ነበር፤ የጎደለው ገንዘብ ምናልባት ከሰው ይገኛል፣ የጎደለውን ልምድ ግን ከማንም አይበደሩትም።

ሰኞ ጠዋት ስሙን ለዓለማያ አስመዘገበ። ወደ እንግሊዝም የተቀጠረበትን ዓመት አርሞ ጻፈ። ደብዳቤውን የመታችው ጤናዬ ናት፤ እንባዋ እየወረደ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ።»

«ባታበላሺው መጀመሪያውኑ አይቀበሉኝም ነበር» አላት ደምለው። ሊያጽናናት ነበር፤ ምሬቱ ግን አብሮ ወጣበት።

ሰኔ ላይ መልስ መጣ። ስለ እርማቱ አመስግነው፣ ሦስት ዓመት ሲሞላህ እንደገና አመልክት ይላል። ዳኘው አንብቦ «አየህ፣ ምስጋና ላኩልህ። ብላት!» አለው። ደምለው በዚያች ቀን ጠረጴዛውን መትቶ ወጣ፤ ከሰው ጋር ሲጣላ ታይቶ አያውቅም ነበር።

የኪራዩን ነገር ያነሳችው ጤናዬ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጥሩዬ ደባርቅ መጥታ እሷ ቤት ሆና አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ አለች። ደምለው አመሰገናት፤ ጥሩዬ ግን ሁለት ሳምንት አኮረፈች። ጎንደር ጓደኞች አሏት፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ብርዱም እንደ ደባርቅ አጥንት አይሰብርም።

በመስከረም ማለቂያ ጥሩዬ ፍራሿን አስጭና ደባርቅ ስትደርስ፣ ደምለው የሚሄድበት አውቶቡስ እየተጫነ ነበር። እናቱም መርቃ ልትሸኘው መጥታለች። መረቀችው፤ ግን «ሁለት ዓመት» የምትለው ቃል ከአፏ አልወጣችም።

«ተቀይመሽኛል?» አላት ጥሩዬን።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትመለስ። ደግሞ ሁለት ዓመት ነው ያልከው፤ ሦስተኛውን ከጨመርክ ዓለማያ ድረስ መጥቼ በጆሮህ ነው የማወጣህ።»

ወይዘሮ ውቢት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን በነጠላዋ አፏን ያዘች። ደምለው ሳይስቅ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ልቡ ገና አልበረደም። ቢሆንም አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ዝቅ ብሎ አማተበ፣ ተመስገንም አለ፤ ከምሬቱ ጋር አብሮ።