ና፣ እንቁላል እንይ

የድሮ ቴፕ ሲሞቅ የሚያወጣውን ሽታ ታውቀው ይሆናል፤ የተቃጠለ አቧራና ያረጀ ላስቲክ አንድ ላይ። ሆሳዕና ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ ክፍሌ ውስጥ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እጄ ዛሬም ባለበት ይቆማል። ያቺን ልጅ ያጣሁበት ክረምት ትዝ ይለኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። በቤታችን ስለ እኔ የሚወራው አንድ ወሬ ብቻ ነበር። «ይህ ልጅ አልቅሶ አያውቅም።» አባቴ ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ እናቴ በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ዱራሜ ትወርዳለች፤ አንዳንዴም እዚያው ታድራለች። እኔን የምትይዘው አክስቴ ነበረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ ጭንቅላቴን እየዳበሰች፣ «እናቱ ብትሄድም ብትመጣም ግድ የለውም፤ ጎበዝ ነው» ትላለች። እኔም በዚህ ስኮራ አደግኩ።

ስለዚህ፣ ሰው አያስፈልገኝም ብዬ ባስብ አትፍረድብኝ። አብሮ አደጌ በአንዱ ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ አምስት ቀን መተኛቴን የሰማው ከዳነሁ በኋላ ነው፣ ያውም ከጋሪ ነጂ። ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እኔ ጓደኛህ ነኝ ወይስ ደንበኛህ?» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ያቺ ያጣኋት ልጅ ዱራሜ ታስተምር ነበር። የተዋወቅነው የተሰበረ ስልኳን ይዛ መጥታ ነው። ስልኩን ስትሰጠኝ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ካልሆነ ሞቼ ነው የምታገኘኝ» አለችኝ። የእሷም አባት እንደ እኔ አባት ውጭ አገር ነበር። ሲፈልግ ሳምንቱን ሙሉ ይደውላል፣ ሲፈልግ ሦስት ወር ድምፁ ይጠፋል። መቼ እንደሚደውል ስለማይታወቅ ልጅነቷን ያሳለፈችው በስልክ ዙሪያ ነው፤ መጸዳጃ ቤት እንኳ ይዛው ትሄድ እንደነበር እየሳቀች ነግራኛለች። ከተዋደድን በኋላ ከእኔ ጋርም ያው ነበረች። አንዴ ካላነሳሁ ዐሥር ጊዜ ትደውላለች። ዐሥር ጊዜ ስትደውል ይጨንቀኝና ስልኬን አጠፋለሁ። ሳጠፋ ደግሞ በማግስቱ ሃያ ጊዜ ትደውላለች። እሷ ጨቅጫቃ፣ እኔ ደንታ ቢስ እንደሆንን ነበር ሁለታችንም የምናምነው።

ክረምቱ መሃል ላይ አንድ ቀን በዝናብ መጣች። ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ከነጠላዋ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ መግቢያዬን አራሰው። እኔ የአንድ ሬዲዮ ሽቦ እየበየድኩ ነበር። ጣቴን አንስቼ «አንዴ» አልኳት፤ ብየዳውን ጨረስኩ፤ ነፋሁበት፤ በብርሃን አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ከዱራሜ ነው እኮ የመጣሁት፤ ቀና እንኳ አላልክም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ፈገግ እያለች፣ «ና፣ ተነስ፣ ሻይና ብስኩት ልጋብዝህ። የምነግርህ አለ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላወቅኩም። ልትሄድ ነው የሚል ሐሳብ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ ያዘኝ። እሷ ሳትለው እኔ ቀደምኳት። «ተይው። የእኛ ነገር ቢቀር ይሻላል» አልኩ፤ ድምፄ የሬዲዮ ዜና የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከፈትኩት። የዝውውር ደብዳቤ ነበር፤ ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና። ልትቀርበኝ ነበር የመጣችው።

ደንግጬ ቁጭ አልኩ። ተነስቼ ግን አልሮጥኩም። ይህን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ አሮጌውን ቴፓችንን አመጣችልኝ፤ ውስጡ ካሴት እንደተያዘ ነበር። ሞተሩን ጠርጌ፣ ላስቲኩን ቀይሬ አስነሳሁት። እናቴ አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ያ ሽታ መጣ። ቀጥሎ የአክስቴ ድምፅ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፤ «ለአባትህ ሰላም በል።» አንድ ሕፃን ሰላም አለ። ከዚያ አክስቴ፣ «ና፣ ዶሮዋ እንቁላል ጥላ እንደሆነ እንይ!» አለች፤ ቴፑ እየቀዳ መሆኑን ረስታ። የእግር ኮቴ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ራቀ። በሩ ሲጥ አለ። ቀስ ያለ የሴት እርምጃ ወጣ። ጸጥታ። ኮቴው ተመለሰ።

«እማስ?»

ከዚያ የሰማሁትን ለቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ትንፋሹ እየተቆረጠ «እማ፣ እማ» ይላል፤ በሩን ይደበድባል። አክስቴ መጀመሪያ ታባብለዋለች፤ በኋላ፣ «ካለቀስክ አትመጣም! የሚያለቅስ ልጅ አትወድም!» ትላለች።

«የማን ልጅ ነው? የጎረቤት ነው?» አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ነህ እንጂ ልጄ።»

«አልቅሶ አያውቅም ትሉ የለም እንዴ?»

«ማልቀስ ያቆምከው በኋላ ነው» አለች።

ካሴቱን ገለበጥኩት። ሁለተኛው ገጽ የተቀዳው ከወራት በኋላ ነው። ያው ሕፃን ቆርኪ ይቆጥራል። «ሦስት፣ አራት፣ አምስት...» በሩ ተከፈተ። «መጣሁ!» ትላለች እናቴ። ቆጠራው ቆመ። ትንፋሹም ቆመ። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ደህና ገባሽ። ሰባት፣ ስምንት» አለ። አክስቴ ሳቀች፤ «አየሽው? ቀና እንኳ አላለም። ጎበዝ!» እኔ ግን ልብ ያልኩት የጎደለችውን ስድስትን ነው። ስድስት የለም። ቆርኪዎቹም እጁ ውስጥ ይንቀጫቀጫሉ።

ሦስት ጊዜ መልሼ አዳመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ስልኬ ላይ፣ ሌሊት ሳይሆን ደንበኛ በሌለበት ረፋድ። ለቅሶው ሰው የማያመጣለት ሕፃን ለቅሶውን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ፊቱ ቢረጋጋም ልቡ መምታቱን አያቆምም። አንዴ የሚመጣለት አንዴ የሚቀርለት ሕፃን ደግሞ የመጣችው ዕድል እንዳታመልጠው አብዝቶ ይጮኻል። ሁለቱ ሲያድጉና ሲዋደዱ አንዱ ይከተላል፣ ሌላው ይሸሻል፤ እያንዳንዱ የሌላውን ፍርሃት እውነት ያደርገዋል። ፍርድ አይደለም ይላል ያነበብኩት፤ ሁሉም ልጅ እንዲህ አይሆንም፤ የሆነውም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ካገኘ፣ እሱም ከታገለ፣ ይለወጣል። እኔን የገረመኝ እንቁላሉ ነው፤ የልጅቷም ሻይና ብስኩት። ጣፋጭ ነገር ይዞ «ና» የሚለኝ ሰው ሁሉ ከኋላው የሚከፈት በር እንዳለ ሰውነቴ ያውቅ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ።

«ለምን ሳትነግሪኝ ትሄጂ ነበር?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«እንዳይከፋህ ነዋ። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አጥሩ ጋ ቆሜ ድምፅህን እሰማ ነበር። እስክታቆም ድረስ አልንቀሳቀስም ነበር።»

በማግስቱ ለገበያ ስትወጣ ደጄ ላይ ቆማ፣ ልክ እንደ ልጅ እያፈረች፣ «ሄድኩ። ማታ እመጣለሁ» አለችኝ።

መስከረም ላይ ወደ ተዛወረችበት የሆሳዕና ትምህርት ቤት በር ሄጄ ልጅቷን ጠበቅኳት። ካሴቱን፣ እንቁላሉን፣ ስድስትን ሁሉንም ነገርኳት። ጠመኔ የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አዳመጠችኝ። ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ደብዳቤውን ያመጣሁ ቀን ከኋላዬ ብትመጣ ኖሮ» አለች። «ማዕዘኑ ጋ ቆሜ ነበር እኮ። በዝናብ።» ቀጥላም፣ «አሁን ስልኬን ትቼ መተኛት ለምጃለሁ። እንደገና መጀመር እፈራለሁ» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ግን ቀና ብዬ አየኋት።

ደብተሮቿን አቀፈች። ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር አለች። «በቃ፣ ሄድኩ» አለችኝ።

ማዕዘኑን እስክታልፍ ድረስ ቆሜ አየኋት። ከዚያ እዚያው፣ ተማሪዎቹ እየሳቁ በሚወጡበት በር ላይ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።