የትኛው ፈተና ይጣል?

አሰፋ በደቡብ ሲያትል በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ለአገሩ ልጅ አዳላ እንዳይባል። «ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስ» ተብሎ እንዳይተረትበት፣ ሐበሻ ተማሪ ሲመጣበት ፊቱን ቋጥሮ ይቀበላል። ይህን ፍትሕ ይለዋል፤ ፍርሃት መሆኑን የነገረው ሰው የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሐበሻ ተማሪዎቹ አንዷ፣ ሳዲያ፣ ቢሮው ገባች። ከታኮማ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ነርሲንግ ለመግባት ከእሱ ኮርስ ሰባ አምስት በመቶ ያስፈልጋታል፤ ያገኘችው ሰባ ነው።

«ቲቸር፣ ሶ… ድሮፕ ያደረጉልኝ ኩዊዝ ትክክለኛው አይመስለኝም» አለች።

የኮርሱ ደንብ አንድ መጥፎ ውጤት ተማሪውን እንዳይጎዳው ከአራቱ ኩዊዞች ዝቅተኛው ይጣላል፣ የቀሩት ነጥቦች ተደምረው ከመቶ ይሰላሉ ይላል። የእሷ ውጤት ከዐሥር አምስት፣ ከሃያ ዐሥራ ስምንት፣ ከሃያ ዐሥራ ሰባት፣ ከሃምሳ ሃያ ስምንት ነበር።

«አምስቷን ጥዬልሻለሁ» አለ አሰፋ። «በነጥብም በመቶኛም ዝቅተኛዋ እሷው ናት። ለአንቺ ብዬ ደንብ አልለውጥም።»

«ይለውጡልኝ አላልኩም ቲቸር። ግን ከዐሥሩ ላይ ያጣሁት አምስት ነጥብ ነው፣ ከሃምሳው ላይ ሃያ ሁለት። የጎዳኝ የትኛው ነው?»

አሰፋ ወረቀት ስቦ ኩዊዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሞከረ። አምስቷ ስትወጣ ከዘጠና ስልሳ ሦስት፣ ማለትም ሰባ በመቶ። ከሃያዎቹ አንዱ ሲወጣ ጭራሽ ይወርዳል። የሃምሳው ሲወጣ ግን ከሃምሳ አርባ፤ ሰማንያ በመቶ! ኩዊዞቹ ሁሉ እኩል ክብደት ቢኖራቸው ዝቅተኛውን መቶኛ መጣል በበቃ ነበር። ነጥብ ከነጥብ ጋር ሲደመር ግን መጣል ያለበት፣ ሲወጣ የቀሪውን መቶኛ ከሁሉ የበለጠ ከፍ የሚያደርገው ነው። የሒሳብ መምህር ሆኖ ይህን ከተማሪው መማሩ አሳፈረው።

ደንቡ ለሁሉም እኩል እንዲሆን የሠላሳ አንዱንም ተማሪዎች ውጤት እንደገና አሰላ። የማንም አልወረደም፤ የአራቱ ከፍ አለ። ሳዲያ ሰማንያዋን አይታ በደስታ አልሐምዱሊላህ አለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ጓደኛዬ ኖላዊት አምና እርስዎ ጋ ሰባ ሁለት አምጥታ ነበር። ነርሲንጉን ተወችው። ያኔም ኩዊዞቹ እንደዚሁ ነበሩ?»

እንደዚሁ ነበሩ። ኖላዊትም ለምናው ነበር፤ ሐበሻ ስለሆነች ወረቀቷን እንኳ ሳያይ ነው የመለሳት። አሰፋ የአምናውን ፋይል ከፍቶ ትልቁን ኩዊዝ ከስሌቷ አወጣ። ሰባ ስምንት።

«ስልኳ አለሽ?» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።